የሊቀመንበሩን ንግግር ያርዝምልን

ጅማ ስትነሣ ቡናዋና የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይወሳሉ። የኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀመንበር ዓመታዊውን ጠቅላላ ጉባኤ ሲከፍቱ የሚያሰሙትን ንግግር ግን የሚያነሣው የለም። ውለታ ቢሶች ነን። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለውን ጥበብ ሳላመሰግን ብሞት መቃብሬ ውስጥም አያስተኛኝም።

ጥሪው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ሊቀመንበሩ 4 ሰዓት ከሩብ ላይ ይገባሉ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ይቀበላቸዋል። ማይክሮፎኑን በጣታቸው መታ መታ ያደርጉና «ጊዜ ስለሌለን በአጭሩ» ይላሉ። በዚህች ቃል የሚጀምር ንግግር ከሁለት ሰዓት በታች አልቆ አያውቅም።

«በአጭሩ» የሚጀምረው ከእንግሊዝ አገር ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1844 ሮችዴል በተባለች ከተማ 28 ሰዎች 28 ፓውንድ አዋጥተው ሱቅ ከፈቱ። ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ የአጃ ዱቄትና ሻማ ሸጡ። ሊቀመንበሩ ይህን ሁሉ ያለ ወረቀት ይወጡታል። የማኅበራቸው መጋዘን ውስጥ ዛሬ ስንት ኩንታል ጀንፈል እንዳለ ብትጠይቋቸው «እሱን ሒሳብ ሹሙ ይመልሳል» ይሏችኋል፤ የሮችዴሉን ሻማ ግን አይረሱም። ከዚያ በየዘመኑ የወጡትን ሕጎች እየዘረዘሩ ከ1953ቱ ድንጋጌ ተነሥተው በ1991 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 147 ያልፉና አሁን የምንተዳደርበት የ2009ኙ አዋጅ ቁጥር 985 ላይ ይደርሳሉ። አዋጁ ቁጥሩ ብቻ ይጠራል እንጂ አይገለጥም። ቢገለጥ ጠቅላላ ጉባኤ የማኅበሩ የበላይ አካል ነው የሚል ነገር ይገኝበታልና፣ ሊቀመንበሩ አባላቱን በከንቱ ማስኮራት አይፈልጉም።

አንድ አዛውንት እጃቸውን ያነሣሉ። «ልጄ፣ አጀንዳው ምን ምን ነው?»

«ሐጂ፣ እርሱም ይመጣል፤ ትንሽ ይታገሡኝ።»

ይመጣል። ሲመጣም በቅደም ተከተሉ ላይ የሊቀመንበሩ ብልኃት ይታያል። የእንግዶች መልእክት አንደኛ፣ የሥራ ክንውን ሪፖርት ሁለተኛ፣ ለተሸላሚዎች ምስክር ወረቀት መስጠት ሦስተኛ፣ ምሳ (እርሱም አጀንዳ ነው) አራተኛ፣ የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ አምስተኛ። የኦዲት ሪፖርትና የቁጥጥር ኮሚቴ ሪፖርት «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» በሚለው ሥር፣ አዳራሽ ስለማጽዳት ከሚነገረው ማሳሰቢያ ቀጥሎ ይገኛሉ። ከዚያ «በአጀንዳው ላይ የምትጨምሩት አለ? የለም። ጸድቋል» ይባላል። ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች በአንድ ትንፋሽ ይወጣሉ።

አሁን ወደ ወቅቱ እንምጣ። ጉባኤው የሚጠራው ቡናው መቅላት ሲጀምር ነው። ለእጥበት የሚቀርብ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ይቦካና ጣዕሙ ይበላሻል፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ማሳው ላይ ለቃሚ አሰማርቶ የመጣ አባል ልቡ አዳራሹ ውስጥ የለም። እሸቱ ሊቀመንበርን አይጠብቅም፤ ሊቀመንበሩ ግን ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ፣ እርሳቸውም ቡና አምራች ናቸውና። ምሳው እንደተበላ አዳራሹ ይሳሳል። በር ላይ ጠዋት የተፈረመው የስም ዝርዝር ግን አይሳሳም። ማኅበሩ 350 አባላት አሉት እንበል። ከግማሽ በላይ ለመሆን 176 ሰው ያስፈልጋል፤ ጠዋት 190 ፈርመዋል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ወንበር ላይ ያለው 70 ቢሞላ ነው፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ግን 190ው በሙሉ ድምፅ አጽድቀዋል። ሄደው እንኳ ድምፃቸው እንዲቀር የሚያደርግ አመራር የት ይገኛል? ከድምፅ መስጠት በፊት ራስ ይቆጠር የሚል አባል ቢነሣ ይህ ሁሉ ልፋት ገደል ይገባ ነበር፤ ደግነቱ ማንም አይነሣም።

ወደ ጠዋቱ ንግግር ልመለስ፤ ዋናው ጌጥ እዚያ ነው ያለው። «ማኅበራችን በዚህ ዓመት 12 ሚሊዮን ብር አስገብቷል!» ይላሉ። ጭብጨባ። ከኋላ እልልታ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው በጣቱ ሲያካፍል አየሁት፤ 12 ሚሊዮን ለ350 ሲካፈል ለአንድ ሰው ከ34 ሺሕ ብር በላይ ይደርሳል። ፊቱ በራ። ሊቀመንበሩም ይህን ብርሃን ማጥፋት ስላልፈለጉ የተናገሩት ሽያጩን እንጂ ትርፉን እንዳልሆነ አልነገሩትም።

እኔ ክፉ ሰው ስለሆንሁ ላጥፋው። ከ12 ሚሊዮኑ ውስጥ 9 ሚሊዮን 800 ሺሑ ለአባላቱ ለራሳቸው የእሸት ዋጋ ተብሎ አስቀድሞ የተከፈለ ነው እንበል። ለማጠቢያ ጣቢያው ሠራተኞች፣ ለነዳጅ፣ ለማጓጓዣና ለባንክ ብድር ወለድ 1 ሚሊዮን 700 ሺሕ ወጣ። የቀረው 500 ሺሕ ነው። ከዚህ 30 በመቶው፣ ማለትም 150 ሺሑ፣ ለመጠባበቂያ ሲነሣ 350 ሺሕ ይቀራል። እኩል ቢካፈል ለአንድ ሰው 1 ሺሕ ብር ነው። እኩልም አይካፈልም፤ ክፍፍሉ እያንዳንዱ አባል የያዘውን ዕጣና ለማኅበሩ ያቀረበውን ምርት ይከተላል። ጓሮው ካሉት ጥቂት እግር ቡናዎች የለቀመው ሰውዬ ከ34 ሺሕ ተነሥቶ ጥቂት መቶ ብር ላይ ያርፋል። እንዲህ ያለውን መርዶ ጠዋት በባዶ ሆድ ማርዳት ነውር አይደለም?

ነውር የማያውቁ ግን አሉ። ሌላ ማኅበር ውስጥ አንዲት ሊቀመንበር ጉባኤ ሲከፍቱ ሰምቻለሁ። በሰዓቱ መጡ። «የተገኘነው ከግማሽ በላይ ነን፤ ዝርዝሩ ይኸው፤ ከምሳ በኋላ እንደገና እንቆጠራለን» አሉ። አጀንዳው ከጥሪው ወረቀት ጋር አስቀድሞ ለየቤቱ ተልኳል። ያለፈው ዓመት ቃለ ጉባኤ አንደኛ፣ የኦዲት ሪፖርት ሁለተኛ፣ የቁጥጥር ኮሚቴ ሦስተኛ፣ የትርፍ ክፍፍል አራተኛ። «ይህ ሽያጭ ነው፣ ይህ ወጪ ነው፣ የተጣራው ትርፍ ይህ ነው» ብለው ሦስት ቁጥር ጠሩ፤ ከዚያ «በአጀንዳው ላይ የሚጨመር ካለ» ብለው ዝም አሉ። ዝም ሲሉ ደግሞ እውነት ዝም አሉ! ሰው ሊናገር እንደሚችል ግምት ውስጥ ያስገባ ዝምታ። አራት ሰዎችም ተናገሩ። ንግግሩ ሩብ ሰዓት አልሞላም። ሮችዴል አልተነሣም። እንግዶቹ መልእክታቸውን በኪሳቸው እንደያዙ ምሳ በሉ። ለባህላችን ክብር የሌላቸው ሴት ናቸው፤ ለመጠቆም ያህል ነው ያነሣኋቸው።

የእኛዎቹ አዳራሽ ውስጥ ኦዲተሩ ከጠዋት ጀምረው ፋይላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ተራቸው 10 ሰዓት ላይ ደረሰ። የማይክሮፎኑ ባትሪ አልቋል። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደረሰኝ ስላልተገኘለት ወጪ ሁለት ዓረፍተ ነገር አነበቡ፤ ሦስተኛውን ሲጀምሩ ሊቀመንበሩ በፈገግታ አጨበጨቡ፣ አዳራሹም ተከተላቸው። «እናመሰግናለን» አሉ ሊቀመንበሩ፤ «አጭር ንግግር ማለት ይህ ነው፤ ሁላችንም ከእርሳቸው እንማር።»