ማን ሠራሽ?

«ልጅቷ እናቷን አታለለች፣ አንተ ደግሞ ታዝንላታለህ። እንዲህ ፎቶ እያሳመሩ የሚልኩ ናቸው ሌላዋን የሚያስኮበልሉት።» አጭር ልቦለዴን ያነበበ ሰው የጻፈልኝ ነው።

በሁለተኛው ነገር አልከራከረውም። ደላላ ብዙ ማውራት አያስፈልገውም፣ ከስልኩ ያማረባት አንዲት ልጅ አውጥቶ ካሳየ ሥራው አለቀ። በመጀመሪያው ላይ ግን አንስማማም፤ ለምን እንደማንስማማ ለማስረዳት ታሪኩን ላላነበበው ሰው ልተርከው።

ልጅቷ ከወልዲያ ሄዳ ቤይሩት ውስጥ ሰው ቤት ትሠራለች። በገባች በሳምንቱ ማዳም ቅማል ፈርታ ፀጉሯን በመቀስ አስቆርጣታለች። የምትለብሰው ነጭ ኮሌታ ያለው ሮዝ ዩኒፎርም ነው። ፋሲካ ሲቃረብ እናቷ «ፎቶሽን ላኪልኝ» አሏት። ብቻዋን የምታገኘው መስታወት የሊፍቱ ነው፤ ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ፣ ከስድስተኛ ፎቅ እስከ ምድር ባለችው ጊዜ ራሷን አነሳች።

ሌሊት ቤቱ ሲተኛ ስልኳን ይዛ ተቀመጠች። ልብሱ አላስቸገራትም። ፎቶ ማሳመሪያው ላይ ጥለት ያለው የሐበሻ ቀሚስ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፣ ፊትን ቆርጦ እላዩ ላይ ማስቀመጥ ነው። ያስቸገራት ፀጉሩ ነው። የተዘረጋ ፀጉር ስታደርግበት ግንባሯ ላይ እንደ ቆብ ተደፋ፤ ጠርዙ አልገጥም አለ፣ ከጆሮዋ ጀርባም የሊፍቱ ብረት እንደ ላስቲክ ተጣመመ። ሹሩባ ሞከረች። ሹሩባ ራስ ቅል ላይ ስለሚተኛ ጠርዙ አያሳብቅም። አንገቷ ከፊቷ ይልቅ ጠቁሮ ስለታየ የፊቷን ብርሃን ቀነሰች። በረኪና የላጠው እጇ እንዳይታይ ከክርኗ በታች ቆረጠችውና በኢሞ ላከችው።

እናትየው ፎቶውን ሳሙት፣ ለጎረቤት አሳዩት። ማታ ሲደውሉ «አምሮብሻል» አሉና አስከትለው «ማን ሠራሽ?» ብለው ጠየቁ።

ታሪኩን የጻፍኩት ለዚች ጥያቄ ስል ነው። ቀሚስ ሰው ለብቻው ይለብሳል። ሹሩባ ግን ሌላ ሰው ይፈልጋል፤ ጉልበቷ መሀል የምታስቀምጥሽ፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ከኋላሽ የምታወራሽ፣ ሲያምሽ «ቻይው፣ ልጨርስ ነው» የምትልሽ ሴት ያስፈልጋል። እናትየው ይህን ፀጉር በየሁለት ሳምንቱ እየፈቱ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ከአራት ወር በፊት በተላከው ፎቶ ላይ ደግሞ ሻሹ ጠበብ ብሎ፣ ከሥሩ ምንም ፀጉር እንደሌለ አይተዋል። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ገደማ ቢያድግ ነው። ይህን በቁጥር ባያውቁትም በእጃቸው ያውቁታል። ሆኖም «ከየት አመጣሽው?» አላሉም።

ቤይሩት ውስጥ የሚሠራት ሰው ያላት አለች። እሑድ የምትወጣ ልጅ ዶራ የሚባለው ሰፈር ሄዳ የሐበሻ ሱቅም ፀጉር ቤትም ታገኛለች፣ ወይም ተጋርተው በተከራዩት ክፍል እርስ በርስ ይሠራራሉ። የኔዋ ልጅ እሑድ የላትም። የሊባኖስ የ1946 የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሽፋኑ ውጭ አድርጓቸዋል፤ ከፋላ በሚባለው አሠራር ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ ላይ የታሰረ ነው። እሑድ መውጣትና አለመውጣት በማዳም ፈቃድ ነው ማለት ነው። የጻፈልኝ ሰው «አታለለች» ሲል ልብሱንና ፀጉሩን አስቦ ይመስለኛል። ልብስማ ድሮም ፎቶ ቤት ኮትና ከረባት እየተዋስን ተነስተናል፣ ያንን ማንም ማታለል አላለውም። እሷ የፈጠረችው ሰው ነው። ለዚያም ቢሆን ሹሩባውን የመረጠችው ጠርዙ ስለገጠመላት ብቻ ነበር፤ ምን እንዳለች ያወቀችው ስትጠየቅ ነው።

«አንዲት የጎጃም ልጅ አለች፣ እሷ ናት» አለች።

ከዚያ በኋላ የጎጃሟን ልጅ በሕይወት ማቆየት ሥራ ሆነባት። እናትየው በደወሉ ቁጥር ይጠይቃሉ፦ ደህና ናት? እናቷ አለች? ጾሙን ትጾማለች? ልጅቷ አንዴ ጉንፋን አሲዛታለች፣ አንዴ ቤት አስቀይራታለች። እናትየው ያምኑ እንደሆነ ታሪኩ ውስጥ አልጻፍኩም፤ አንባቢዬ ይህን ቢጠይቀኝ ይሻል ነበር። የጻፍኩት ከወራት በኋላ ወደ ቤይሩት በምትመለስ የመንደር ልጅ እጅ የላኩትን ነው። ሁለት ፌስታል በርበሬ ነበር፣ እኩል እኩል የተሰፈረ። አንደኛው ላይ የልጅቷ ስም ተጽፏል። ሁለተኛው ላይ፣ ጎረቤት ልጅ ጽፎላቸው፣ «ለሠራሻት» ይላል።