ስኳሩ መንገድ ላይ ይበላል

«ግራጫ ክዳን ባለው ቱቦ እስከተቀዳ ድረስ፣ ደሙ እኩለ ቀን ላይ ቢደርስስ ምን ይሆናል? ፍሎራይዱ ይጠብቀዋል። ማሽኑ ደግሞ አዲስ ነው።»

ይህን ያሉት እዚሁ አዳማ በተደረገ ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም። በባዶ ሆድ የሚለካው የስኳር ምርመራ ደም ከየጤና ጣቢያው ተሰብስቦ በቀን አንድ ጊዜ ወደ አንድ ላብራቶሪ ይምጣ የሚለው ውሳኔ የጸደቀው በዚህች ንግግር ነው። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም ከሰው ጋር አጨበጨብኩ፤ እጄን ይቁረጠው።

ደም ቱቦ ውስጥ ስለገባ አይሞትም። ሴሎቹ በሕይወት አሉ፣ ይርባቸዋል። ቱቦው ውስጥ ያላቸው ቀለብ ደግሞ ያው እኛ ልንለካው የምንፈልገው ግሉኮስ ነው። ፈሳሹ ክፍል፣ ማለትም ሴረሙ ወይም ፕላዝማው፣ ከሴሎቹ ካልተለየ በተራ የክፍል ሙቀት በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ይበሉታል። ሙቀት ሲጨምር ይብሳል። የአዳማን የመጋቢት ፀሐይ ደግሞ የምታውቁት ነው፣ በባጃጅ ወንበር ሥር የተቀመጠ ሳጥን ምን እንደሚሆን አልነግራችሁም።

አሁን ግራጫው ቱቦ ውስጥ ወዳለው ፍሎራይድ። ፍሎራይድ የሚያስረው ኢኖሌዝ የተባለውን ኢንዛይም ነው። ችግሩ ኢኖሌዝ የሚገኘው ግሉኮስ ተሰባብሮ በሚያልፍበት መስመር መጨረሻ አካባቢ መሆኑ ነው። የአዲስ አበባ አዳማን የፈጣን መንገድ አስቡት። አዳማ ያለውን መውጫ ብትዘጉት ቱሉ ዲምቱ ላይ መኪና መግባቱን ወዲያው ያቆማል? አያቆምም። መንገዱ እስኪጨናነቅ ድረስ ይገባል። ቱሉ ዲምቱን ያለፈ መኪና ደግሞ ከአዲስ አበባ ወጥቷል፤ አዲስ አበባ ቆሞ መኪና የሚቆጥር ሰው አያገኘውም። ግሉኮሱም እንደዚያው ነው። የመጀመሪያውን በር ካለፈ ሌላ ነገር ሆኗል፣ ግሉኮስ ተብሎ አይለካም። በሩ የሚዘጋው ሴሉ መግቢያ ላይ የሚከፍለው ጉልበት ሲያልቅበት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሰዓት ፍሎራይድ ያለው ቱቦና ፍሎራይድ የሌለው ቱቦ የሚያጡት ስኳር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ሙሉ በሙሉ እስኪቆም እስከ 4 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ለ3 ቀን ያህል ንቅንቅ አይልም። ይህቺን እሰጣቸዋለሁ። ፍሎራይድ ይጠብቃል፣ ግን የሚጠብቀው ከተበላ በኋላ የተረፈውን ነው። ሌባው ከወጣ በኋላ በሩ ላይ የሚቆም ዘበኛ በሉት።

በቁጥር እንየው። አንዲት እናት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደም ሰጡ እንበል፤ ከወንጂ። (ወንጂ ስኳር መላክ አዲሷ አይደለም። መንገድ ላይ የሚያልቅ ስኳር ግን ልካ አታውቅም።) ደማቸው እዚያው ወዲያው ተለይቶ ቢሠራ፣ 1 ሚሊ ሊትር ሪኤጀንት ላይ 10 ማይክሮ ሊትር ይጨመራል። 37 ዲግሪ ላይ 10 ደቂቃ ይቆያል። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ግሉኮሱን ከኦክስጅን ጋር አገናኝቶ ሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ ያወጣል። ፔሮክሲዴዝ ደግሞ በዚያ ተጠቅሞ ሮዝ ቀለም ይሠራል። ቀለሙ 505 ናኖ ሜትር ላይ ይነበባል። ግሉኮሱ በዴሲ ሊትር መቶ ሚሊ ግራም መሆኑ የታወቀው ስታንዳርድ 0.260 አነበበ፣ የእናታችን 0.338 አነበበ። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍሎ በመቶ ማባዛት ነው፤ 130 ይመጣል። በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ የስኳር በሽታ ነው፣ በሌላ ቀን ተደግሞ ይረጋገጣል።

ያው ደም በግራጫ ቱቦ ሆኖ ይምጣ። በመጀመሪያው ሰዓት የምታንሰውን 5 በመቶ ብቻ ይጣ፣ ከዚያ ወዲያ አንዲት ነጥብ እንኳ እንዳያጣ ልተውላቸው። ንባቡ 0.321 ይሆናል፤ 123 ማለት ነው። ፍሎራይድ በሌለው፣ ቀይ ክዳን ባለው ቱቦ ሳይለይ እስከ ጠዋቱ 5 ሰዓት ከቆየ ደግሞ፣ በዚያው በ5 በመቶ ስሌት 106 ገደማ ይወርዳል። እናታችን «ጣፋጭ ይቀንሱ» ተብለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። በሌላ ቀን ይደገም ቢባል ሁለተኛውም ደም የሚመጣው በዚያው ባጃጅ ነው። ስህተቱ ስህተቱን ያረጋግጥለታል!

«ማሽኑ አዲስ ነው» የሚለው ነው በጣም ያናደደኝ። ማሽኑ አልዋሸም። የተረፈውን በትክክል ለካ። ማሽኑን ለመፈተን በየጠዋቱ የምንሠራው ኮንትሮልም አያድነንም፣ ምክንያቱም ኮንትሮል ሴረም ውስጥ ስኳር የሚበላ ሕያው ሴል የለም። ቻርቱ ላይ ነጥቦቹ አሸብርቀው መሃል ይቀመጣሉ፣ የሰው ደም ግን ባዶውን ይመጣል። ቻርት እያሳዩ ጥራት አለን የሚሉኝን ሰዎች ደሙ ስንት ሰዓት ላይ ተቀዳ ብላችሁ ጠይቋቸው። መዝገቡ ላይ የደረሰበት ሰዓት አለ፣ የተቀዳበት የለም።

በስብሰባው ሌላም ማምለጫ ተሰምቷል። ውጤት ዝቅ የሚለው ሰዉ ቫይታሚን ሲ እየጠጣ ነው ተባለ። እውነት ነው፣ ቫይታሚን ሲ ያንን ፔሮክሳይድ ቀለም ሳይሠራ ይሻማዋል፣ ውጤቱም ዝቅ ይላል። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ደም ውስጥ ያለው ቢሊሩቢንም ያንኑ ሊያደርግ ይችላል። ግን በአንድ ጠዋት ከአንድ ጣቢያ የመጣ ደም በሙሉ ቫይታሚን ሲ ጠጥቶ ነው የመጣው? መለያውም ቀላል ነው። ያንኑ ናሙና ፔሮክሳይድ በማይጠቀመው በሄክሶካይኔዝ ዘዴ ድገሙት። ጥፋቱ የቫይታሚን ሲ ከሆነ ቁጥሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሴሎቹ በልተውት ከሆነ ግን በሁለቱም ዘዴ ዝቅ ይላል፣ የሌለ ነገር በምንም ዘዴ አይለካም።

መፍትሔው ሴንትሪፊዩጅ ነው። በየጣቢያው አንድ ትንሽ ሴንትሪፊዩጅ ይቀመጥ፣ ደሙ እዚያው ስፒን ይደረግ፣ ከሴሎቹ የተለየው ፕላዝማ ከፈለገ እኩለ ቀን ላይ ይምጣ። ስፒን እስኪደረግ ቱቦው በረዶ በተቀላቀለበት ውኃ ውስጥ ይቀመጥ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥም ይለይ። መግቢያውን ራሱን ወዲያው የሚዘጋ ሲትሬት ያለበት ቱቦም አለ። ያ ከተገኘ እሰየው። ይህ ሁሉ ካልሆነ ደሙን ትተን ሰውየውን እንላክ፤ ሰው መንገድ ላይ ሲሄድ ስኳሩን ጉበቱ ይተካለታል፣ ቱቦ ጉበት የለውም።

ለኃላፊው አንድ ግብዣ አለኝ። ነገ ጠዋት ቁርስ ሳይበሉ ይምጡ። ከአንድ ክንዳቸው ሁለት ግራጫ ቱቦ እቀዳለሁ፣ ሁለቱንም ስምንት ጊዜ ገልበጥ ገልበጥ አደርጋለሁ። አንዱን ወዲያው ስፒን አድርጌ ፕላዝማውን እለያለሁ። ሌላውን በባጃጅ ከተማውን አዙሬ እኩለ ቀን ላይ እመልሰዋለሁ። ከዚያ ሁለቱን በአንድ ሪኤጀንት፣ በዚያው አዲስ ማሽን፣ ዓይናቸው እያየ እሠራቸዋለሁ። የባጃጁን ሂሳብ እኔ እከፍላለሁ።