ማስተካከያ፦ 2008 በግእዝ ቁጥር

«2008 በግእዝ ቁጥር ፪፰ ነው፤ ዜሮ ስለሌለ ባዶዎቹ ይዘለላሉ» ብለን ነበር።

ይህ ስህተት ነው። ትክክለኛው ፳፻፰ ነው። ቁጥሩን ከቀኝ ጀምራችሁ ሁለት ሁለት አሃዝ አድርጋችሁ ክፈሉት፦ 20 እና 08። የግራው 20 በአንድ ምልክት ይጻፋል፤ ፳። ከኋላው መቶን የሚያመለክተው ፻ ይከተለዋል፤ «ሃያ መቶ» እንደማለት ነው። 08 ውስጥ አሥር ስለሌለ ፰ ብቻ ይጻፋል።

የተዘለለ ባዶ ቦታ የለም። በ2008 ውስጥ 2 ሁለት ሺህ የሚሆነው በቆመበት ቦታ ነው፤ ዜሮዎቹ ቦታውን ካልጠበቁለት 28 ይሆናል። በግእዝ ግን ፳ ሁልጊዜ ሃያ፣ ፪ ሁልጊዜ ሁለት ነው። ከ፲ እስከ ፺ ያሉት አሥሮች የየራሳቸው ምልክት ስላላቸው ቦታ የሚጠብቅ ዜሮ አያስፈልግም። የሮማውያኑ MMVIIIም እንዲሁ ነው፤ M ሺህ ነው፣ ሁለቴ ተጽፎ ሁለት ሺህ ይሆናል፣ VIII ደግሞ ስምንት።

በተለይ ፳ን በ፪ እንዳትተኩ፤ ፪፻፰ 208 ነው። 2080 ደግሞ ፳፻፹ ተብሎ ይጻፋል።