ከምግብ ጋር የሚጠጣ ውሃ የጨጓራን አሲድ ያቀጥናል?

ጥያቄው፦ «ምሳ ስበላ ውሃ ካልጠጣሁ አይወርድልኝም። ባለቤቴ ግን ‹አሲዱን ስለምታቀጥነው ነው ሆድህ የሚነፋው፤ ከበላህ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆይተህ ጠጣ› ትለኛለች። እውነትም ሽሮ የበላሁ ቀን እስከ ማታ ይነፋኛል። ጥፋቱ የውሃው ነው?»

የሥነ-ምግብ ባለሙያዋ፦ የባለቤትዎን ምክር የአሮጊት ወሬ ነው ብዬ አላልፈውም። በባዶ ሆድ የጨጓራ ፒኤች፣ ማለትም ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ የሚበረታበት ልኬት፣ 1.5 አካባቢ ነው። ጤነኛ ሰው አንድ ብርጭቆ ውሃ ሲጠጣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ4 በላይ እንደሚወጣ በመለኪያ ታይቷል። ፕሮቲን መፍጨት የሚጀምረው ፔፕሲን ደግሞ የሚበረታው ፒኤች 2 አካባቢ ሲሆን ነው፤ ከ4 ካለፈ ክንዱ ይዝላል። ያልተፈጨ ምግብ ጨጓራ ውስጥ ሲቆይ ቢከብድ ምን ይገርማል? ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ደግሞ ማንንም አይጎዳም።

የውስጥ ደዌ ሐኪሙ፦ እህቴ ያመጡት ቁጥር ትክክል ነው፤ ግን ግማሹ ቀርቷል። ያ ከፍታ የሚቆየው ሦስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ ፒኤቹ ተመልሶ ይወርዳል።

ስሌቱን እንየው። ፒኤች በአንድ ከፍ እንዲል አሲዱ አሥር እጥፍ መቅጠን አለበት። ባዶ ጨጓራ ውስጥ 50 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ አለ እንበል፤ ፒኤቹ 1.5 ነው። 250 ሚሊ ሊትር ውሃ ሲጨመርበትና ሙሉ በሙሉ ሲቀላቀል ፈሳሹ ስድስት እጥፍ ይሆናል፤ ፒኤቹም ወደ 2.3 ይደርሳል። ይህ ለፔፕሲን ገና የተመቸ ሜዳ ነው። መለኪያው ከ4 በላይ ያነበበው፣ እንደ እኔ ግምት፣ ጫፉ ገና ያልተቀላቀለ ውሃ ውስጥ ስለነበረ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። አሲዱን ከውሃ ይልቅ የሚያደክመው ራሱ ምግቡ ነው። የሽሮው ፕሮቲን አሲዱን ይይዘዋል፤ አንዲት ጠብታ ውሃ ሳይጠጣ እንኳ ከምግብ በኋላ ፒኤቹ 4 እና 5 መድረሱ የተለመደ ነው። ጨጓራ ለዚህ ተዘጋጅቷል። አሲዱ ሲቀንስ ጋስትሪን የሚባለው ሆርሞን ይለቀቃል፣ አሲድ የሚያመነጩት ሕዋሳት ሥራቸውን ያፋጥናሉ፣ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ፒኤቹ ተመልሶ ይወርዳል። በቀን እስከ ሁለት ሊትር የጨጓራ ፈሳሽ የሚያመነጭ አካል በአንድ ብርጭቆ ውሃ አይረታም።

የሥነ-ምግብ ባለሙያዋ፦ ዶክተር፣ ስሌትዎ በባዶ ሆድ ላይ ነው። ጠያቂው የሚጠጣው ግን ከእንጀራ ጋር ነው። ምግብ ባለበት ውሃው ቶሎ አይወጣም፤ ተቀላቅሎ ይቆያል። ደግሞስ ውሃው እንዲህ ምንም ካላደረገ፣ ሰዎች ውሃ ጠጥተው ሲበሉ ለምን ሆዳቸው ይወጠራል? ይህን ሁሉ ሰው ሐሰተኛ ማለት ነው?

ሐኪሙ፦ ሐሰተኛ አይደሉም፤ ምክንያቱን ነው የሳቱት። በመጀመሪያ ስለ መውጣቱ። በባዶ ሆድ የተጠጣ ውሃ ግማሹ በሩብ ሰዓት ገደማ ጨጓራን ለቆ ይሄዳል። ምግብ ሲኖር ይዘገያል፤ ያም ሆኖ ብዙው ውሃ በጨጓራው አጭር ጎን በኩል ጠጣሩን እየጣሰ ቀድሞ ወደ ትንሹ አንጀት ይወርዳል። እርስዎ ያሉት መቆየት በግልጽ የሚታየው ምግቡና ውሃው አብረው ተፈጭተው ሾርባ ሲሆኑ ነው፤ ሾርባ ከተመሳሳይ ምግብና ውሃ የበለጠ የሚያጠግበው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መወጠሩ። የጥጋብ ስሜት የሚጀምረው ከአሲድ ሳይሆን ከመለጠጥ ነው። መዋጥ ስንጀምር የጨጓራው የላይኛው ክፍል ይላላል፣ ቦታ ይሰጣል። የግድግዳው ነርቮች ምን ያህል እንደተለጠጠ ለአንጎል ይናገራሉ። ቦታ መስጠቱ ከደከመ ጥቂት ጉርሻ ብቻ በልቶ «ሞላሁ» ማለት ይመጣል። ግማሽ ሊትር ውሃ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከሙሉ እንጀራ ጋር ከገባ መጠኑ ራሱ ይወጥራል። አምቦ ውሃ ወይም ለስላሳ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ከአንድ 330 ሚሊ ሊትር ለስላሳ የሚለቀቀው ጋዝ ወደ አንድ ሊትር ይጠጋል፣ የሚያስገሳውም እሱ ነው።

የሥነ-ምግብ ባለሙያዋ፦ ታዲያ ውሃ መቀነስ ይረዳል ማለት ነው። ባለቤቱ ተረታች ወይስ ረታች?

ሐኪሙ፦ ምክሯ ለአንዳንድ ሰው ይሠራል፣ ምክንያቷ ግን አይሠራም። ልዩነቱም ትንሽ አይደለም፤ ምክንያቱ ከተሳሳተ ጠያቂው ውሃውን ይተዋል፣ ሽሮው ግን እንደነበረ ይቀጥላል።

ሰዓቱን ይመልከቱ። ገና ከማዕድ ሳይነሱ የሚመጣ መወጠር የመጠን፣ የጋዝና የጥድፊያ ነው፤ የሚጣደፍ ሰው ከጉርሻው ጋር አየርም ይውጣል። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት የሚቆይ ክብደት ብዙ ጊዜ የቅባት ነው። ቅባት ትንሹ አንጀት ሲደርስ ከዚያ የሚለቀቅ ሆርሞን ጨጓራው ቀስ ብሎ እንዲያስተላልፍ ያዘዋል፤ ቅቤ የበዛበት ክትፎ ላይ የሚታየው ይህ ነው። ምሳ በልቶ ወደ ማታ የሚመጣ መነፋትና ፈስ ግን ከጨጓራ አልፏል። ሽምብራና አተር ውስጥ ሰውነታችን የሚሰብርበት ኢንዛይም የሌለው የስኳር ዓይነት አለ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም የራሳቸው አላቸው። ሳይፈጩ ትልቁ አንጀት ይደርሳሉ፣ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ያብላሏቸውና ጋዝ ይወጣል። የጠያቂው «እስከ ማታ» የሚለው ቃል ወደዚህ ነው የሚያመለክተው።

የሥነ-ምግብ ባለሙያዋ፦ በሽሮው ላይ እስማማለሁ። ጠያቂው ራሱ ይሞክረው፦ አንድ ቀን ያንኑ ሽሮ በዚያው መጠን ያለ ውሃ፣ ሌላ ቀን በአንድ ብርጭቆ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ውሃውን ሳይነካ ሽሮውን በግማሽ፣ ሽንኩርቱንም በግማሽ። መነፋቱ የጀመረበትን ሰዓት ይጻፍ። ሁሉን በአንድ ቀን ከለወጠ ግን ምንም አያውቅም።

አንድ ነገር ግን አልለቅም። የጨጓራቸው ሽፋን በቆየ መቆጣት የሳሳ፣ አሲዳቸው ከመጀመሪያውም ያነሰ አረጋውያን አሉ። እነሱስ?

ሐኪሙ፦ ለእነሱም ውሃው ዋናው ችግር አይደለም፤ ጉዳታቸው ሰውነታቸው ብረትና ቢ12 ከምግብ በበቂ አለመምጠጡ ነው። ፕሮቲኑን ከጨጓራ በታች የቆሽት ኢንዛይሞች ይፈጩታል፤ ጨጓራው በቀዶ ጥገና ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰውም ፕሮቲን ይፈጫል።

የሥነ-ምግብ ባለሙያዋ፦ ይፈጫል፣ ግን እንደ ጤነኛው አይደለም፤ ክብደት ይቀንሳል። ስለዚህ «ምንም አይደለም» ለማለት አልቸኩልም።

ሐኪሙ፦ ይህን እንለያይበት። ነገር ግን በእርግጥ ከምግብ ጋር ውሃ እንዳይጠጡ የሚነገራቸው ሰዎች አሉ፤ ጨጓራቸው በቀዶ ጥገና የጠበበ ናቸው፣ ምክንያቱም ቦታው ትንሽ ስለሆነ ነው። ቃር የሚያስቸግረውም በአንድ ጊዜ ብዙ ባይጠጣ ይሻለዋል። ጠያቂው በጥቂት ጉርሻ የሚሞላ ከሆነና ይህ በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት ከቆየ፣ ስለ ውሃ ከመከራከር ጨጓራን የሚያቆስለውን የኤች ፓይሎሪ ባክቴሪያ ምርመራ ቢያደርግ ይሻላል። ሳይፈልግ ክብደት ከቀነሰ፣ ካስታወከው፣ ሲውጥ ካነቀው ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን የሽሮ ሙከራውን ትቶ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ለጠቆረው ሰገራ እንዲያውም በዚያው ቀን።