የኦፕሽን ዋጋ በባለሀብቶች ዋጋ አይባዛም

«ሐዋሳ ሆኜ ለአንድ የአሜሪካ ስታርታፕ በርቀት ልሠራ ነው። 10,000 ኦፕሽን ሰጡኝ። ባለሀብቶች አንዱን አክሲዮን በ5 ዶላር ስለገዙት 50,000 ዶላር አለኝ ማለት ነው።»

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ። ሒሳቡ ግን እንዲህ አይሠራም። ብዙ ሰው እዚሁ ላይ ይሳሳታል። ኦፕሽን ገና አክሲዮን አይደለም፤ አክሲዮኑን አስቀድሞ በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት ነው። ውሉ ላይ የመግዣ ዋጋህ 1.50 ዶላር ከሆነ፣ ሁሉንም ለመግዛት 15,000 ዶላር ከኪስህ ታወጣለህ።

5 ዶላሩ ደግሞ የባለሀብቶቹ አክሲዮን ዋጋ ነው። የእነሱ አብዛኛውን ጊዜ ቅድሚያ አለው፤ ያንተ ተራ አክሲዮን ነው። 20 ሚሊዮን ዶላር አስገብተው ኩባንያው በ20 ሚሊዮን ቢሸጥ፣ መጀመሪያ የራሳቸውን ያነሳሉ። ላንተ የሚተርፍ የለም።

መብቱም በአንዴ አይጸናም፤ በሠራህ ቁጥር ቀስ በቀስ ነው ያንተ የሚሆነው። የተለመደው 4 ዓመት ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ሳይሞላ ከወጣህ ባዶ እጅህን ነው። በ18ኛው ወር ብትለቅ 3,750 ጸንቶልሃል። እሱንም ብዙ ጊዜ በ90 ቀን ውስጥ 5,625 ዶላር ከፍለህ ካልገዛህ ይቃጠላል።

ግብሩ ላይም ተጠንቀቅ። በአሜሪካ ሕግ ልዩ የግብር ጥቅም በሌለው ተራ ኦፕሽን አክሲዮን ሲገዛ፣ በመግዣው ዋጋና በአክሲዮኑ የዕለቱ ግምት መካከል ያለው ልዩነት እንደ ደመወዝ ይቆጠራል፤ አክሲዮኑ ባይሸጥም። በኦፕሽን ፋንታ የሚሰጥ፣ እስኪጸና ድረስ ሊወሰድብህ የሚችል ገደብ ያለበት አክሲዮን ግን ግብሩ በመደበኛው የሚታሰበው ሲጸና ነው። አንተ ሐዋሳ ስለምትሠራ፣ ከመፈረምህ በፊት የኢትዮጵያውን ግብር የሚያውቅ ባለሙያ አማክር። ኩባንያውንም የመግዣ ዋጋውን፣ የባለሀብቶቹን ጠቅላላ ቅድሚያና ከለቀቅህ በኋላ ያለህን ጊዜ በጽሑፍ ጠይቅ።