«ሰላም» ብሎ ዝም

ዛሬ ጠዋት ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሊንክድኢን ከፈትኩ። ዘጠኝ አዲስ መልእክት ገብቷል። ስድስቱ «ሰላም» ይላሉ። ሰላም ብቻ። አንዱ «እንዴት ነሽ እህቴ» ይላል። ሁለቱ ደግሞ «ማንኛውም ሥራ ካለ እባክሽ አስቢኝ» ይላሉ። ታክሲው እስኪመጣ አንድ በአንድ አየኋቸው። ከዘጠኙ ሰዎች አንዱም ምን እንደሚሠራ አልነገረኝም።

እኔ ሥራዬ ሰው መፈለግ ነው። ስታዲየም አካባቢ ካለ ቢሮ ሆኜ ለተለያዩ ድርጅቶች ሠራተኛ አፈላልጋለሁ። ዓመታት ቆይቻለሁ። ይህን ብሶት የምጽፈው ሰው አስቸገረኝ ለማለት አይደለም። የሚያንገበግበኝ፣ የሚፈለገው ሰው እጄ ላይ መጥቶ ሳላውቀው ማለፉ ነው።

የአንዱን ልጅ ነገር ልንገራችሁ። ስሙ ይቆይ። ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ጻፈልኝ። መጀመሪያ «ሰላም»። በሁለተኛው ቀን «ሰላም ነው?»። በአራተኛው ቀን «ሥራ ይኖራል?»። እኔም እውነቱን መለስኩ፤ «ለጊዜው የወጣ ቦታ የለም»። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለ። በቃ፣ እዚያው ላይ አለቀ።

ግንቦት ላይ አንድ አስመጪ ደወለ። አካውንታንቱ መልቀቂያ አስገብቷል። የሚፈልጉት ደግሞ ዝም ብሎ ሒሳብ የሚመዘግብ ሰው አይደለም። የባንኩን የክፍያ ዋስትና ማለትም ኤልሲውን፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን፣ የትራንዚተሩንና የጭነቱን ደረሰኝ ሰብስቦ አንዱ ዕቃ መጋዘን እስኪገባ ስንት እንደፈጀ የሚያሰላ ሰው ነው የፈለጉት። ይህን ሥራ በልምድ የሚያውቅ ብዙ የለም። ፈለግኩ፣ አጣሁ፣ በመጨረሻ ከሌላ ሰው ጥቆማ አንዲት ልጅ አገኘሁ። ገባች።

ሐምሌ ላይ ያ ልጅ እንደገና «ሰላም» አለኝ። እኔ እንጃ፣ በዚያ ቀን ትዕግስት ነበረኝ። «ወንድሜ፣ ምንድን ነው የምትሠራው?» ብዬ ጠየቅኩት። አንድ አስመጪ ቤት አራት ዓመት አካውንታንት ሆኖ ሠርቷል። የዕቃ ወጪ የሚያሰላው እሱ ነው። ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ይሠራል። ከጉምሩክ ወረቀት ጋር ነው የሚውለው። በግንቦት ያጣሁት ሰው እሱ ነበር! መጋቢት ላይ በሬን ሦስት ጊዜ አንኳኩቶ ነበር። በፕሮፋይሉ ላይም ያለው Accountant የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ስፈልግ import ብዬ፣ customs ብዬ ነው የጻፍኩት። እንዴት ይውጣልኝ?

ያን ቀን ምሳ መብላት አቃተኝ።

ለምን እንደዚህ እንደምንጽፍ ይገባኛል። ሰላምታ ሳይሰጡ ጉዳይ መጀመር ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። ሰው ቤት ስትገባ «እንዴት ዋላችሁ፣ ልጆች ደህና ናቸው?» ትላለህ፤ ጉዳይህን የምታነሳው ከተቀመጥክ በኋላ ነው። ጥሩ ባህል ነው፣ ይኑር። ግን እዚያ ባለቤቱ ፊትህ ተቀምጧል፤ ሰላምታህን ወዲያው ይመልሳል። እዚህ የእኔ ስልክ ላይ «ሰላም» ሲመጣ ያለሁት ስብሰባ ውስጥ ነው። ወጥቼ «ሰላም» ብዬ ስመልስ አንተ የለህም። አንተ ስትመለስ እኔ የለሁም። አንድ ሰላምታ ሦስት ቀን ይፈጃል። ሰላም በሉ፣ ግን ጉዳዩን እዚያው መልእክት ላይ ጨምሩት።

ሌላው ከአራት ኪሎ የመጣ ልማድ ይመስለኛል። ሁላችንም እዚያ የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆመናል። ሰሌዳው ላይ የሥራው ስም አለ፣ የልምዱ ዓመት አለ፣ የመመዝገቢያው ቀን አለ። የእኛ ሥራ ማንበብና ማስገባት ብቻ ነው። ማስታወቂያ ሳይኖር ሲሆን ግን ምን ብለን እንደምንጠይቅ ግራ ይገባናል። ስለዚህ «ማንኛውም ሥራ» እንላለን። ትሕትና ይመስለናል። ለእኔ ግን «ማንኛውም» የሚለው ቃል የትም የማላስቀምጠው ቃል ነው። አካውንታንት የምጽፍበት መዝገብ አለኝ። የመጋዘን ኃላፊ የምጽፍበት አለኝ። «ማንኛውም» የምጽፍበት ግን የለኝም።

«ሥራ አለ?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ራሱ ላይ በሩን ይዘጋል። ማስታወቂያ እንዳልወጣ ጠያቂውም እኔም እናውቃለን። መልሱ «የለም» ነው። ከ«የለም» በኋላ ምን ይባላል?

ከጀርባ ያለውን ነገር ብታዩት ኖሮ እንዲህ አትጠይቁም ነበር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ሥራ አስኪያጁ የመልቀቂያ ደብዳቤው በደረሰው ማግስት ይደውልልኛል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰዓቱ ይቆጥራል። ማስታወቂያ ይውጣ ካልን፣ ምዝገባው፣ ማጣራቱ፣ ፈተናውና ቃለ መጠይቁ አለ፤ የተመረጠውም ሰው በተራው ባለበት ቤት የራሱን 30 ቀን ይጨርሳል። የሚለቀው ሰው ሄዶ ወንበሩ ባዶ ይቀራል። ለዚህ ነው መጀመሪያ መዝገቤን የማገላብጠው። መዝገቤ ውስጥ ደህና ሦስት ሰው ካገኘሁ ማስታወቂያውን ማንም ሳያየው ቦታው ይሞላል። መንግሥት መሥሪያ ቤት በዚህ መንገድ አይቀጥርም፤ የማወራው ስለ ግል ድርጅት ነው። ማስታወቂያ በሌለበት የምትልኩልኝ መልእክት የሚጠቅመው እዚያ መዝገብ ውስጥ ለመግባት ነው። ዛሬ ሥራ አያስገኝም።

ያን ልጅ አልተውኩትም። ደውልልኝ አልኩት። እሱም ሊልክልኝ የነበረውን መልእክት አሳየኝ። ሥልጠና ላይ የተሰጠው የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ነው፤ ገንዘብ ከፍሎ ነው የተማረው። መጀመሪያ ጤንነቴን ይመኛል። ከዚያ ድርጅቴ በዘርፉ ስላለው ታላቅ ስም ያወራል። ከዚያ እሱ ታታሪና ጫና የሚቋቋም መሆኑን ይናገራል። አካውንታንት መሆኑ የሚመጣው አራተኛው መስመር ላይ ነው። በሊንክድኢን ነፃ አካውንት ከግንኙነት ጥያቄ ጋር የሚላከው ማስታወሻ ደግሞ 200 ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው፤ እሱም በወር ለጥቂት ሰው ብቻ ነው የሚፈቀደው። ገና ያልተቀበላችሁን ሰው በነፃ የምታናግሩት በዚያች ማስታወሻ ነው። የሱ ደብዳቤ 200ኛው ፊደል ላይ ሲደርስ ገና ድርጅቱን እያመሰገነ ነው! ይህን የሚያስተምሩ ሰዎች አንድ ቀን እኔ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

በአማርኛ እንጻፈው አልኩት። ደነገጠ። ሊንክድኢን ላይ እንግሊዝኛ ካልሆነ ያሳፍራል ብሎ ያስባል። የሚያነበው የውጭ አገር ሰው ከሆነ ወይም ሥራው በእንግሊዝኛ የሚሠራ ከሆነ እንግሊዝኛ ይሁን። ለእኔ ግን አማርኛ ይበቃል። ደግሞ የእኛ ፊደል ይቆጥባል፤ «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው። እየተነጋገርን የደረስንበት ይህ ነው፦

«ሰላም። በአስመጪ ድርጅት 4 ዓመት የሠራሁ አካውንታንት ነኝ። የኤልሲና የዲክላራሲዮን ሰነድ ይዤ የገቢ ዕቃ ወጪ አሰላለሁ፤ በፒችትሪ እሠራለሁ። አሁን የወጣ ቦታ እንደሌለ አይቻለሁ። ለአስመጪዎች አካውንታንት የምትፈልጉት በየትኛው ወር ነው?»

በቃላቱ መካከል ያለውን ክፍተት ጨምሮ ብትቆጥሩት ከ160 ፊደል አያልፍም። ስሙን አልጻፈም፤ ስሙ ከላይ ይታያል። ታታሪ ነኝ አላለም። እኔ ግን ሳነበው የት እንደማስቀምጠው አውቃለሁ። «የወጣ ቦታ እንደሌለ አይቻለሁ» የሚለው ደግሞ ትልቅ ዕረፍት ነው። «የለም» ከማለት አዳነኝ። የመጨረሻው ጥያቄ ሥራ ባይኖርም መልስ አለው። ሒሳባቸውን ሰኔ 30 የሚዘጉ ድርጅቶች እስከ ጥቅምት መጨረሻ የትርፍ ግብር ያሳውቃሉ፤ በእነዚያ ወራት የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ቀና ብሎ ቃለ መጠይቅ የሚያደርግበት ጊዜ የለውም። እንቅስቃሴው የሚጀምረው ከኅዳር ወዲህ ነው። ይህን በአንድ መስመር እመልስለታለሁ፤ እሱም መቼ እንደሚመለስ ያውቃል።

ሲቪውን አብሮ ልላክ ወይ አለኝ። አይ። ጥያቄውን ከተቀበልኩ በኋላ ስጠይቅ ይላክ። ያልጠየቅኩትን ፋይል ታክሲ ውስጥ ሆኜ አልከፍትም። ይልቅ ፕሮፋይሉን እናስተካክል አልኩት። ከስሙ ሥር ያለውን Accountant ወደ Import Accountant | LC, Customs, Peachtree ቀየርን። ይህ በእንግሊዝኛ ይሁን፤ የምንፈልገው በእሱ ቃል ነውና። መልእክቱ አሪፍ ሆኖ ፕሮፋይሉ ባዶ ከሆነ፣ ከሁለት ወር በኋላ ስፈልገው አላገኘውም።

በዚህ ሁሉ መልስ ላያገኝ ይችላል። ይህንንም ነግሬዋለሁ። እኛ ቀጣሪዎችም በደለኞች ነን። አንብበን እናልፋለን፣ «እመለስበታለሁ» ብለን እንረሳለን። እኔም አድርጌዋለሁ፤ መጋቢት ላይ «ምን ትሠራለህ?» ብዬ ለመጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። ሁለት ሳምንት ጠብቆ አንዴ ቢያስታውስ ነውር የለውም። በየቀኑ «?» መላክ ግን ሰውን ያስመርራል።

ልጁ ያቺን መልእክት ለአምስት ሰው ላከ። ሁለቱ ጥያቄውን ተቀበሉ። አንዷ «ታኅሣሥ ላይ አስታውሰኝ» አለችው። ታኅሣሥ ላይ አስታወሳት፤ ለቃለ መጠይቅ ጠሩት። ቦታው ለሌላ ሰው ሆነ። ስሙ ግን አሁን በእሷም በእኔም መዝገብ ውስጥ ከነሙያው ተጽፏል። የሚቀጥለው አስመጪ ሲደውል የምደውለው ለእሱ ነው።

ይህን የምጽፈው በምሳ ሰዓት ነው። ለዛሬዎቹ ዘጠኝ ሰዎች ለሁሉም «ምን ሥራ ላይ ነው ያላችሁት?» ብዬ ጽፌያለሁ። አራቱ መልሰዋል። አንዷ የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊ ናት፤ መዝግቤያታለሁ። ሁለቱ ሲቪ ብቻ ላኩ። አንዱ «ማንኛውም» አለኝ። «ወንድሜ፣ ትናንት ምን ስትሠራ ዋልክ?» ብዬ ጻፍኩለት። እየጠበቅኩት ነው።