የ150 ብሩ ሽያጭና የ700 ብሩ ሽያጭ በአንድ ሚዛን

«ቀድሞ ገጼን ላዩ ሰዎች የሚታየው ማስታወቂያ፣ ሪታርጌቲንጉ፣ አንዱን ሽያጭ በ150 ብር ያመጣልኛል፤ አዲስ ሰው የሚፈልገው ማስታወቂያ ግን 700 ብር ይበላል። አዲሱን ዘግቼ ገንዘቡን ሁሉ ወደ ሪታርጌቲንጉ ባዞረውስ?»

መዞር የለበትም። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ የማስታወቂያ ሪፖርት ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ስለተጻፉ የሚወዳደሩ ይመስላሉ እንጂ የሚለኩት ነገር አንድ አይደለም። ጎንደር ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ የሚሸጡ ሱቆች ለጥምቀት ገበያ በታኅሣሥ በፌስቡክና በኢንስታግራም ብዙ ብር ያወጣሉ። ቁጥሩን አይተው አዲስ ሰው ፍለጋውን የሚዘጉትም ያኔ ነው። ጉዳቱ የሚታየው ቆይቶ፣ ለፋሲካ ገበያ ሲዘጋጁ ነው፤ ዋጋ ጠይቆ የሄደ ሰው በዝርዝሩ ላይ አልቆ ይጠብቃቸዋል።

ለማሳያ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ሱቅ እናስብ። ሱቁን ጨርሶ ለማያውቁ ሰዎች በሚታየው ማስታወቂያ፣ ኮልድ በሚባለው፣ 42,000 ብር አውጥቶ 60 ሽያጭ ተመዘገበለት። የነባር ደንበኞቹን ዝርዝር አስገብቶ እነሱን ለሚመስሉ ሰዎች ባሳየው ሉክአላይክ 20,000 ብር አውጥቶ 40 ሽያጭ አገኘ። ቀድሞ ገጹን ለጎበኙ ወይም ዋጋ ለጠየቁ ሰዎች በሚታየው ሪታርጌቲንግ ደግሞ 9,000 ብር አውጥቶ 60 ሽያጭ አየ። በሰሌዳው ላይ ዋጋቸው 700፣ 500 እና 150 ብር ነው።

መጀመሪያ ሽያጩ ለማን እንደሚጻፍ እንይ። የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት ሜታ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ ማስታወቂያውን ነክቶ በ7 ቀን ውስጥ የገዛውንም፣ አይቶት ብቻ አልፎ በ1 ቀን ውስጥ የገዛውንም ይቆጥራል። አንድ ሰው ሁለት ማስታወቂያ ከነካ ደግሞ ሽያጩ የሚጻፈው ለመጨረሻው ነው። አዘዞ ያለች አንዲት ሴት ሰኞ ዕለት የኮልዱን ማስታወቂያ ነክታ ሱቁን ለመጀመሪያ ጊዜ አወቀች፤ ቀሚሱን ወደደችው፤ ከእህቷ ጋር ልትማከር ተወችው። ሐሙስ ሪታርጌቲንጉ ታያት፣ ነካችው፣ ገዛች። ኮልዱ ምንም አልተጻፈለትም። ሪታርጌቲንጉ ሁሉንም ወሰደ። በኮልዱ የወጣው ወጪ ግን በኮልዱ ላይ እንዳለ ቀረ። 150 ብሩ ርካሽ የሆነው በከፊል ሌላው ክፍል ሂሳቡን ስለከፈለለት ነው።

አይቶ ብቻ ያለፈው ሰው ጉዳይም አለ። ሊገዛ የወሰነ ሰው ስልኩን ሲከፍት ሪታርጌቲንጉ ፊቱ ላይ መምጣቱ አይቀርም፤ ባይመጣም ይገዛ ነበር። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ Compare attribution settings የሚለውን ከፍቶ በመንካት የመጣውንና በማየት የመጣውን ለየብቻ ማውጣት ያስፈልጋል። በሱቃችን ከሪታርጌቲንጉ 60 ሽያጭ 24ቱ በማየት ብቻ የተጻፉ ሆነው ተገኙ እንበል፤ በሉክአላይኩ 7፣ በኮልዱ 4። በመንካት ብቻ ሲቆጠር ዋጋው ለሪታርጌቲንግ 250፣ ለሉክአላይክ 606፣ ለኮልድ 750 ብር ይሆናል። ሦስቱም በአንድ ዓይነት ቆጠራ የተለኩት ገና አሁን ነው። ይህን ሪፖርት ማስታወቂያው ባለቀ ማግስት ማንበብ ግን ስህተት ነው። የማያውቀውን ሱቅ ያየ ሰው ለመወሰን ቀናት ስለሚወስድበት፣ 7ቱ ቀን ሳይሞላ የተነበበ ሪፖርት የሚጎዳው ኮልዱን ነው።

ቀጥሎ ሉክአላይኩ ነው። ሉክአላይክ ሲባል የሚታየው ለአዲስ ሰው ብቻ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሜታ በመነሻነት የተሰጠውን የደንበኞች ዝርዝር ራሱ ቀንሶ ያወጣል። ገጹን የጎበኙትን፣ በሜሴንጀር የጻፉትን፣ ቪዲዮውን ያዩትን ግን ካልታዘዘ አይቀንስም። ደንበኛን የሚመስለው ሰው ብዙውን ጊዜ ሱቁን ቀድሞ የሚያውቀው ነውና ሉክአላይኩ በከፊል ሪታርጌቲንግ ሆኖ ይሠራል። የሱቁን መዝገብ በስልክ ቁጥር ስናመሳክር ከሉክአላይኩ 33 ሽያጭ 9ኙ ቀድመው ዋጋ የጠየቁ ሰዎች ሆኑ፤ ከኮልዱ 56 ደግሞ 6ቱ። የቀሩት አዲስ ሰዎች 24 እና 50 ናቸው። 20,000 ለ24 ሲካፈል 833 ብር፣ 42,000 ለ50 ሲካፈል 840 ብር ይመጣል። የ200 ብሩ ልዩነት ጠፋ ማለት ነው።

ይህ ማካፈል ግን ጥርጣሬ ከማሳደር ያለፈ ዋጋ የለውም፤ ለነባሮቹ የወጣው ብር አሁንም ሂሳቡ ውስጥ ስላለ። ትክክለኛው መንገድ ከጅምሩ ሁለቱም ላይ Exclude በሚለው ቦታ ገጹን ባለፉት 180 ቀናት የጎበኙትን፣ በፌስቡክና በኢንስታግራም ባለፉት 365 ቀናት የተገናኙትን እና የገዙትን አስወጥቶ እንደገና ማወዳደር ነው። ቦታውም አንድ ይሁን። 1 በመቶ የሚባለው ሉክአላይክ የሚወጣው ከአገሩ ታዳሚ እንጂ ከጎንደር ታዳሚ አይደለም፤ አብዛኛው አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል። ኮልዱ ጎንደርና ዙሪያዋን ብቻ የሚያይ ከሆነ የምናወዳድረው ሁለት ከተማ ነው። ሉክአላይኩን ጎንደር ላይ ብቻ ብንወስነው ደግሞ ታዳሚው በጣም ጠቦ ያው ሰው ደጋግሞ ያየዋል። ስለዚህ ሁለቱንም በመላ አገሪቱ፣ በአንድ ምስልና በአንድ ጽሑፍ፣ በእኩል በጀት፣ በተመሳሳይ ቀናት ማስኬድ ይሻላል። ኮልዱን በኅዳር፣ ሉክአላይኩን በጥምቀት ዋዜማ አስኪዶ ማወዳደር ገበያውን እንጂ ታዳሚውን አይለካም። ሜታ ታዳሚውን ራሱ እንዲያሰፋ የሚፈቅደው Advantage+ audience ክፍት ከሆነም ሉክአላይኩ እንደ ጥቆማ ብቻ ይወሰዳል፤ ማስታወቂያው ከዚያ ውጭ ስለሚወጣ በስሙ ላይ መፍረድ አይቻልም።

እዚህ ላይ በአገራችን ከሌላው የሚብስ አንድ አድሎ አለ። ሱቁን የሚያውቅ ሰው በድረ ገጹ አዝዞ በቴሌብር ይከፍላል፤ ድረ ገጹ ላይ የተተከለው የሜታ መከታተያ ኮድ፣ ፒክሰሉም፣ Purchase ብሎ ይመዘግበዋል። የማያውቀው ሰው ግን መጀመሪያ ይደውላል፣ «መጨረሻው ስንት ነው?» ይላል፣ በቴሌግራም ተጨማሪ ፎቶ ያስልካል፣ በንግድ ባንክ ያስገባል፣ ወይም ሱቁ ድረስ መጥቶ ይለካል። ፒክሰሉ ይህን አያየውም። በዚህ ምክንያት ኮልዱ ከእውነተኛው በላይ ውድ ሆኖ ይታያል። ዳኛው የሱቁ ደብተር መሆን አለበት፦ የገዢው ስልክ፣ ቀኑ፣ ቀሚሱ፣ የከፈለው። በየማስታወቂያው ላይ የተለያየ አጭር ኮድ ጽፎ «ይህን ኮድ ለሚነግረን ማድረሻ ነጻ ነው» ማለት፣ «ከየት አዩን?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ አስተማማኝ ነው። ደንበኛ የሚያስታውሰው መጨረሻ ያየውን ነውና፣ ጥያቄው እንደ ሜታ ሁሉ ለሪታርጌቲንጉ ያደላል።

የሪታርጌቲንጉ 250 ብር ግን ገና አልተፈተነም። ዋናው ጥያቄ ስንቱ ሰው ማስታወቂያውን ባያይም ይገዛ ነበር የሚለው ነው። ይህ የሚመለሰው ለከፊሉ ሰው ሆን ብሎ ባለማሳየት ብቻ ነው፤ ለትንሽ ሱቅም የሚቻል ነው። ዋጋ ጠይቀው ያልገዙ ሰዎች ስልክ ይሰበሰባል፤ 2,400 ቁጥር አለ እንበል። በመጨረሻው አኃዝ ሙሉና ጎዶሎ ተብሎ ይከፈላል። በመነሻው መክፈል አይገባም፤ 09ኙ የኢትዮ ቴሌኮም፣ 07ቱ የሳፋሪኮም ስለሆነ ደንበኞቹ ላይመሳሰሉ ይችላሉ። ሙሉዎቹ ወደ ሜታ ተጭነው በታኅሣሥ ለ3 ሳምንት ማስታወቂያ ይታያቸዋል። ጎዶሎዎቹም ይጫናሉ፣ ግን እንዳይታያቸው በ Exclude ይገባሉ። ሁለቱም ወገን ከኮልዱና ከሉክአላይኩ እኩል ይወጣል። ገጹን ሰዎች በሚጎበኙት መሠረት የሚሠራው ሌላው ሪታርጌቲንግም ለእነዚያ ሳምንታት ይቆማል፤ አለበለዚያ ጎዶሎዎቹ በጎን ያዩታል።

መጨረሻ ላይ ደብተሩ ይከፈታል። ከ1,200 ሙሉዎች 48 ገዙ፤ ምንም ካላዩት 1,200 ጎዶሎዎች 30 ገዙ። ሰሌዳው ከ48ቱ 45ቱን የኔ ናቸው ይላል፤ በ9,000 ብር ሲሰላ አንዱ 200 ብር ነው። ማስታወቂያው በእርግጥ የጨመረው ግን 18 ነው፤ ስለዚህ አንዱ 500 ብር ያወጣል።

```
9,000 ÷ (48 − 30) = 500
```

ሲቆጠር ሜታ ያገኛቸውን ስልኮች ብቻ መውሰድ አይገባም። የተወሰኑት ቁጥሮች ከማንም አካውንት ጋር አይገናኙም፤ ይህ በሁለቱም ወገን እኩል ስለሚሆን የአንዱ ወገን 1,200 ሰው ሁሉ ከሌላው ወገን 1,200 ሰው ሁሉ ጋር ይወዳደራል። 18 የሚለውም በልኩ ይወሰድ። በግምት ለመፈተን የሁለቱን ገዢዎች ድምር፣ 78ን፣ ካሬ ሩት አውጥቶ በ2 ማባዛት ነው፤ 17.7 ይመጣል። ልዩነቱ ከዚህ ካልበለጠ አጋጣሚ ሊሆን ስለሚችል ውሳኔ አይመሠረትበትም። የእኛ 18 ለጥቂት አለፈ፤ እውነተኛው ጭማሪ ከ1 እስከ 35 ሊሆን ይችላል። ዝርዝሩ 300 ቁጥር ብቻ ከሆነ ፈተናው ምንም አይነግርም፤ ቁጥሩ እስኪጠራቀም መጠበቅ ግድ ነው።

አሁን 500ውን ከ840ው ጋር ማወዳደር ይቻላል፣ አንድ ነገር ሳይረሳ። ለኮልዱም ባያይ ይገዛ የነበረ ሰው ይኖራል፣ በተለይ ለጥምቀት፤ ቁጥሩ ግን ሱቁን ስለማያውቅ ትንሽ ነው። ከሸማኔው፣ ከጥልፉና ከስፌቱ ክፍያ በኋላ በአንድ ቀሚስ 1,200 ብር የሚተርፍ ከሆነ ሁለቱም ያዋጣሉ። ሪታርጌቲንጉ ርካሽነቱ እውነት ነው፤ ግን ዋጋ የጠየቁት ሰዎች ቁጥር የተወሰነ ነው። 9,000ውን 18,000 ማድረግ 18ቱን 36 አያደርግም። ይህ የሚታወቀው Frequency ከሚለው ዓምድ ነው፦ በሳምንት ለአንድ ሰው 3 ጊዜ ይታይ የነበረው 8 እና 9 ሲደርስ የተጨመረው ብር የሚሄደው ለዚያው ሰው ነው። ሪታርጌቲንጉ የ30 ቀን ጎብኚዎችን የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ኮልዱ በተዘጋ በ30ኛው ቀን፣ ከዚያ ወዲህ ተመልሶ ገጹን ካልጎበኘ በቀር፣ ከኮልዱ የመጣ ጎብኚ አይቀርበትም።

ስለዚህ ለቀጣዩ 10,000 ብር የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ሪታርጌቲንጉ ላይ ሳምንታዊው Frequency ከ4 እስካላለፈ ድረስ ይጨመርበት፤ ካለፈ ተጨማሪው ብር ሁሉ ወደ ኮልዱ ይሂድ። ሉክአላይኩ ነባሮቹ ወጥተውለት በእኩል ፈተና ኮልዱን ካላሸነፈ የተለየ በጀት አያስፈልገውም። የጎዶሎዎቹ ፈተና ደግሞ ከጥምቀት ውጭ ባለ ወር፣ ለምሳሌ በኅዳር፣ አንድ ጊዜ ይደገም፤ በበዓል ሰሞን ሳይነገረው የሚገዛው ሰው ስለሚበዛ የታኅሣሡ 500 ብር ለሌላው ወር ላይሠራ ይችላል።